የተቋረጠ ሊንክና ያረጀ ምንዛሪ
የዋጋ መዝገብ በተከፈተ ጊዜ የሚወጣውን ማስጠንቀቂያ ስለ ማንበብና ስለ ማስተካከል

በየንግድ ቤቱ ጧት ሥራ ሲጀመር የዋጋ ሠራተኛው የኤክሴል መዝገቡን በከፈተ ጊዜ አንድ መልእክት ከሠንጠረዡ ቀድሞ ብቅ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። መልእክቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ፍሬ ነገሩ፣ ይህ መዝገብ ከሌሎች ፋይሎች ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ የምታምናቸው ከሆነ አድሳቸው፤ አለዚያም አሁን ባለው ቍጥር መሥራት ትችላለህ፣ የሚል ነው። ከሥሩም `Update` እና `Don't Update` የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይገኛሉ። ደንበኛ ከፊቱ የቆመበት ሠራተኛ ሁለተኛውን ተጭኖ ያልፋል፤ ሠንጠረዡም እንደ ወትሮው ይከፈታል። ቍጥሮቹ ሁሉ በየቦታቸው ስለሚታዩ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

ጕዳቱ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ላይ ነው። ኤክሴል ምንጩ የጠፋበትን ቍጥር አይሰርዘውም፤ በቀይ ቀለምም አያመለክተውም፤ በመጨረሻ ያየውን ቍጥር እንደ ደኅና ቍጥር አድርጎ ያሳያል እንጂ። ስለዚህ አስመጪዎችም ላኪዎችም ባለ ሱቆችም ይህን መልእክት ምን እንደ ሆነ ቢያውቁትና ሲቋረጥም እንዴት እንደሚጠገን ቢረዱት ገንዘባቸውን ከማይታይ ጕድለት ይጠብቃሉ።

ሊንክ ማለት ምንድን ነው?

አንድ የንግድ ቤት ሁለት መዝገቦች አሉት እንበል። አንደኛው `Temen.xlsx` የሚባል ሲሆን የሒሳብ ሹሙ የየቀኑን የውጭ ምንዛሪ ተመን ይጽፍበታል። ሁለተኛው `Waga.xlsx` ሲሆን የሽያጭ ክፍሉ የዕቃውን መግዣ በዶላር አስገብቶ በብር የሚያወጣውን ዋጋ ያሰላበታል። ተመኑን በሁለት ቦታ መጻፍ አድካሚ ስለ ሆነ በዋጋው መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎርሙላ ይደረጋል።

```
=B4*'S:\Hisab\2016\[Temen.xlsx]Dollar'!$C$3
```

ይህም ማለት በ`B4` ያለውን የዶላር ዋጋ፣ `Temen.xlsx` በሚባለው ፋይል ውስጥ `Dollar` በተባለው ገጽ ላይ በ`C3` በሚገኘው ተመን አባዛ ማለት ነው። በማእዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው የፋይሉ ስም ነው፤ ከቅንፉ በፊት ያለውም ፋይሉ የተቀመጠበት ፎልደር አድራሻ ነው። ሁለቱ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ተከፍተው ሳለ አድራሻው ከፎርሙላው ላይ ይሰወራል፤ የተመኑ ፋይል ሲዘጋ ግን ተመልሶ ይታያል።

ኤክሴል ይህን ፎርሙላ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ፋይል በመጨረሻ ያነበበውንም ቍጥር በዋጋው መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል። ይህ የተደረገው የተመኑ ፋይል በሌለበት ቦታ እንኳ መዝገቡን ከፍቶ ማየት እንዲቻል ነው። መልካም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የተቀመጠው ቍጥር የዛሬ ይሁን ያለፈው ወር በሴሉ ላይ የሚገልጽ ምንም ምልክት የለም።

ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 22

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ የውሃ ፓምፕ የሚያስመጣ አንድ የንግድ ቤት እናስብ። ቤቱም ሆነ ሽያጩ ለማስረጃ የተበጁ ናቸው፤ ስለ ምንዛሪው ለውጥ የተነገረው ግን በእርግጥ የሆነ ነው።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በተመኑ ፋይል ላይ የአንድ ዶላር ዋጋ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት በገባ ጊዜ የሒሳብ ሹሙ እንደ ልማዱ የ2016ን ፎልደር ወደ ማኅደር አዛውሮ `2017` የሚባል አዲስ ፎልደር ከፈተ፤ አዲስ `Temen.xlsx` አዘጋጅቶም ተመኑን በየቀኑ በትጋት ይጽፍበት ጀመር። የሽያጭ ክፍሉ መዝገብ ግን አሁንም ፋይሉን የሚፈልገው በአሮጌው አድራሻ ነው። በዚያ ምንም ስለሌለ ሊንኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቋርጧል።

እስከ 3 ሳምንት ድረስ ማንም ሰው ጕዳቱን አላየም። ተመኑ የሚለዋወጠው በሳንቲም ስለ ነበረ ያረጀው ቍጥርና እውነተኛው ቍጥር እምብዛም አይለያዩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የሚያደርገውን አዲስ ሥርዐት አወጀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም የአንድ ዶላር ዋጋ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሒሳብ ሹሙ አዲሱን ተመን በፋይሉ ላይ ጽፏል፤ የሽያጭ ክፍሉ መዝገብ ግን አሁንም በ57 ብር ከ50 ያሰላል።

አሁን አንድ ደንበኛ የ300 ፓምፕ ፕሮፎርማ ጠየቀ። የአንዱ መግዣ 40 ዶላር ነው፤ ቀረጡንና የጭነት ኪራዩን ለጊዜው እንተወው። መዝገቡ 40ን በ57.50 አባዝቶ 2,300 ብር ይላል፤ ቤቱም 15 በመቶ ትርፍ ጨምሮ አንዱን በ2,645 ብር፣ ጠቅላላውን በ793,500 ብር ለመሸጥ ይዋዋላል። ነጋዴው 103,500 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ዕቃውን የሚያስመጣበት ዶላር 110 ብር ቢሆን ግን አንዱ ፓምፕ 4,400 ብር፣ ጠቅላላው 1,320,000 ብር ይፈጅበታል፤ ትርፍ የመሰለውም የ526,500 ብር ኪሳራ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን በሠንጠረዡ ላይ አንድ የተሳሳተ ፎርሙላ የለም፤ ማባዛቱም ማካፈሉም ትክክል ነው። ስሕተቱ በየጧቱ በታለፈው መልእክት ውስጥ ነበረ።

የተቋረጠውን ሊንክ እንዴት እናገኛለን?

መጀመሪያ የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ስም ማስቀመጥ ይገባል፤ ከዚህ በታች ከሚነገሩት ሥራዎች አንዱ ተመልሶ የማይታረም ነውና። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ከፍቶ በዚህ ጊዜ `Update` የሚለውን መጫን ነው። ምንጩ ካለ ቍጥሩ ይታደሳል። ከሌለ ግን ሁለተኛ መልእክት ይወጣል፤ አንዳንዶቹን ሊንኮች አሁን ማደስ አልተቻለም ይላል። `Continue` ብሎ ማለፍ ወደ አሮጌው ቍጥር መመለስ ስለ ሆነ መጫን የሚገባው `Edit Links...` የሚለውን ነው። መልእክቱ ቢያመልጥም ከላይ ካሉት ምናሌዎች `Data` በሚለው ሥር `Edit Links` ይገኛል፤ በአዲሶቹ ኤክሴሎች ይኸው ቦታ `Workbook Links` ይባላል።

በሚከፈተው መስኮት ላይ መዝገቡ የተያያዘባቸው ፋይሎች ስም በዝርዝር ይታያል። `Check Status` የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ከየስሙ አንጻር የሊንኩ ሁኔታ ይጻፋል። `OK` የሚል ከሆነ ፋይሉ ተገኝቷል ማለት ነው። `Error: Source not found` የሚል ከሆነ ፋይሉ በተባለው ቦታ የለም፤ ወይ ተዛውሯል፣ ወይ ስሙ ተለውጧል፣ ወይም ተሰርዟል። `Error: Worksheet not found` የሚል ከሆነ ደግሞ ፋይሉ አለ፤ ውስጡ ያለው ገጽ ግን ተሰርዟል ወይም ስሙ ተለውጧል። የፓምፑ ነጋዴ ይህን መስኮት ሐምሌ 1 ቀን ከፍቶት ቢሆን ኖሮ የተመኑ ፋይል አለመገኘቱን በዚያው ቀን ባወቀ ነበር።

ሆኖም `OK` የሚለው ቃል አንባቢን እንዳያሞኘው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሒሳብ ሹሙ የ2016ን ፎልደር ባያዛውረውና በስፍራው ትቶት ቢሆን ኖሮ ኤክሴል አሮጌውን ፋይል አግኝቶ `OK` ይል ነበር፤ የመቋረጥ መልእክትም ባልወጣ ነበር። ዋጋው ግን ያው 57 ብር ከ50 ነው። ስለዚህ ሁኔታውን ብቻ ሳይሆን የፋይሉን ሙሉ አድራሻም አንብቦ ዛሬ የሚሠራበት ፋይል መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

መጠገን

ምንጩ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ማለት ቍጥሩ ወደ ፊትም የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሊንኩ መጠገን አለበት እንጂ መቈረጥ የለበትም። የምንዛሪ ተመን፣ የመጋዘን ቀሪ፣ የአቅራቢ የዋጋ ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። አሠራሩም ቀላል ነው። የተቋረጠውን ስም መርጦ `Change Source...` የሚለውን ይጫኑ፤ ከዚያም በ`S:\Hisab\2017\` ውስጥ የሚገኘውን አዲሱን ፋይል ያመልክቱ። ወደ አሮጌው ፋይል ያመለክቱ የነበሩት ፎርሙላዎች፣ አንድም ሆኑ አንድ ሺህ፣ ባንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ይዞራሉ። በአዲሱ ፋይል ውስጥ `Dollar` የሚባል ገጽ ከሌለ ኤክሴል የትኛውን ገጽ እንዲጠቀም ይጠይቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኤክሴል የሚለውጠው ፋይሉን እንጂ የሴሉን አድራሻ አይደለም። አሮጌው ፋይል ተመኑን የያዘው በ`C3` ከነበረና የሒሳብ ሹሙ በአዲሱ ፋይል አንድ መስመር ጨምሮ ተመኑን በ`C4` ጽፎት ከሆነ ፎርሙላው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከ`C3` ያገኘውን ያመጣል፤ ይህም የዩሮ ወይም የፓውንድ ተመን ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመፈተን ሁለቱን ፋይሎች ባንድነት ከፍቶ በተመኑ ፋይል ላይ ለጊዜው በተመኑ ፈንታ 1 ብሎ መጻፍ ነው። ሊንኩ በትክክል ከተጠገነ የፓምፑ ዋጋ ወዲያው 40 ሆኖ ይታያል። ሌላ ቍጥር ከታየ ፎርሙላው ከሌላ ሴል እያነበበ ነው። ፈተናው ካለቀ በኋላ እውነተኛውን ተመን መመለስ እንዳይረሳ።

መቍረጥ

ሊንኩ መቈረጥ ያለበት ቍጥሩ ከእንግዲህ የማይለወጥ በሆነ ጊዜ ነው። ለደንበኛ የሚላክ ፕሮፎርማ፣ የተዘጋ ዓመት ሒሳብ፣ ለባንክ የሚቀርብ ሠንጠረዥ ከዚህ ወገን ናቸው። በተለይም ፕሮፎርማ ከነሊንኩ ወደ ውጭ ሲላክ ተቀባዩ ትርጕሙ የማይገባው ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ከላይ እንደ ተገለጸው ኤክሴል ከምንጩ ያነበባቸውን ቍጥሮች በመዝገቡ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ፎርሙላው የሚነካው የመግዣ ዋጋ ከሆነ የመግዣው ዋጋ ከፕሮፎርማው ጋራ አብሮ ወደ ደንበኛው ሊሄድ ይችላል።

ለዚህ የሚያገለግለው `Break Link` የተባለው ቁልፍ ነው። ሲጫኑት ወደዚያ ፋይል የሚያመለክተው ፎርሙላ ሁሉ ይጠፋና በቦታው ቍጥሩ ብቻ ይቀራል። ይህ ሥራ በ`Undo` አይመለስም፤ መጀመሪያ ቅጂ ይቀመጥ ያልነውም ስለዚህ ነው። ከመቍረጥ በፊትም ሊንኩን አድሶ ቍጥሩን መመልከት ያሻል፤ ያረጀ ቍጥር ከተቈረጠ በኋላ ከየት እንደ መጣ የሚናገር ፎርሙላ አይኖረውምና። የፓምፑ ነጋዴ ከማስጠንቀቂያው ለመገላገል ብሎ በነሐሴ ወር ሊንኩን ቈርጦት ቢሆን ኖሮ 57 ብር ከ50 በመዝገቡ ውስጥ ለዘለቄታው በተተከለ ነበር።

የማይለቅ ሊንክ

ሊንኩ ተቈርጦ፣ መዝገቡም ተቀምጦና ተዘግቶ፣ እንደ ገና ሲከፈት ማስጠንቀቂያው ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ሊንኩ ከሴል ፎርሙላ ውጭ በሌላ ቦታ ስለ ተሸሸገ ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ገጽ ከሌላ መዝገብ ተገልብጦ መምጣቱ ነው፤ ገጹ ሲመጣ ከአሮጌው መዝገብ ጋራ ያለውን ግንኙነት ይዞ ይመጣል።

ፍለጋው በቅደም ተከተል ቢደረግ መልካም ነው። አስቀድሞ የተደበቁ ገጾች ካሉ በ`Unhide` ይገለጡ። ቀጥሎም `Ctrl+F` ተጭኖ በመፈለጊያው ላይ የሚከተለው ይጻፍ።

```
.xl
```

ከ`Options` ሥር `Within` በሚለው `Workbook`፣ `Look in` በሚለው `Formulas` መርጦ `Find All` ሲሉ ወደ ሌላ የኤክሴል ፋይል የሚያመለክት ፎርሙላ ያለበት ሴል ሁሉ ከነአድራሻው ይዘረዘራል።

በዚህ ምንም ካልተገኘ `Ctrl+F3` ተጭኖ `Name Manager` የተባለውን መስኮት መክፈት ነው። እዚህ ለሴሎች የተሰጡ ስሞች ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ተሸሽጎ የሚገኘውም ሊንክ በዚህ ነው። `Refers To` በሚለው ዐምድ ላይ በማእዘን ቅንፍ የፋይል ስም የያዘውን ተመልክቶ በየትኛውም ፎርሙላ የማይሠራበት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ መሰረዝ ይቻላል።

ከዚህም በኋላ ማስጠንቀቂያው ካልቀረ ሦስት ቦታዎች ይታዩ። የመጀመሪያው ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ የተደረገባቸው ሴሎች ናቸው፤ `Home` በሚለው ሥር `Find & Select` ብሎ `Data Validation` ሲመርጡ ይገለጣሉ። ሁለተኛው በቀለም የሚለዩት ሴሎች ደንብ ሲሆን በ`Conditional Formatting` ሥር `Manage Rules` በሚለው ይታያል፤ ይህም በየገጹ ለየብቻ መታየት አለበት። ሦስተኛው በሥዕል የቀረበ ሠንጠረዥ ነው፤ መስመሩን ወይም ዐምዱን አንድ ጊዜ ሲነኩት የሚያነብበት ፋይል በላይ በፎርሙላው መስመር ላይ ይታያል።

ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት

በ`Edit Links` መስኮት ላይ `Startup Prompt...` የሚባል ቁልፍ አለ። በዚህ ቁልፍ መልእክቱ ዳግመኛ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። ከምርጫዎቹ አንዱ መልእክቱም እንዳይወጣ፣ ሊንኩም እንዳይታደስ ያደርጋል፤ ይህም ማለት ያረጀው ቍጥር ያለ ምስክር ይቀራል ማለት ነው። የዋጋ መዝገብ ያለው ነጋዴ ይህን ምርጫ ሊነካው አይገባም።

ይልቁንስ መዝገቡ ራሱ ስለ ዕድሜው እንዲናገር ማድረግ ይሻላል። የሒሳብ ሹሙ በተመኑ ፋይል ላይ ተመኑን በጻፈ ቍጥር ከጎኑ በ`B3` ቀኑን ይጻፍ፤ `Ctrl+;` ሲጫን የዕለቱ ቀን ይገባል። የሽያጭ ክፍሉም ያንኑ ቀን በሊንክ ወደ `D1` ያምጣውና ከጎኑ ይህን ፎርሙላ ያስገባ።

```
=IF(TODAY()-D1>3,"ተመኑ አርጅቷል","ተመኑ የታደሰ ነው")
```

ሊንኩ በተቋረጠ ጊዜ ቀኑም ከተመኑ ጋራ ባለበት ይቆማል፤ ከ3 ቀን በኋላም መዝገቡ ራሱ ተመኑ ማርጀቱን ይናገራል። አሮጌው ፋይል በስፍራው ቀርቶ `OK` የሚያሰኘውም አደጋ በዚሁ ይገለጣል። ቀኑ ግን በእውነት ተመኑ በተለወጠበት ጊዜ በእጅ መግባት አለበት፤ ሹሙ በ`B3` ላይ `TODAY()` ቢያደርግ ቀኑ ሁልጊዜ ዛሬ ስለሚሆን ጥበቃው ከንቱ ይሆናል። እንዲሁም ኤክሴል የሚቈጥረው በአውሮፓ የዘመን አቈጣጠር ስለ ሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን `22/11/2016` ብሎ መጻፍ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሄደ ቀን ይሰጣል።

ከዚህ ሌላ ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ፎልደር ውስጥ ማኖር ይረዳል፤ ፎልደሩ እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሊንኩ ብዙውን ጊዜ አይቋረጥም። የዓመቱን ፎልደር የሚያዛውረው የሒሳብ ሹምም ከማዛወሩ በፊት የትኞቹ መዝገቦች ከእርሱ ፋይል እንደሚያነቡ የሽያጭና የመጋዘን ክፍሎችን ቢጠይቅ፣ ካዛወረም በኋላ እያንዳንዱን መዝገብ ከፍቶ `Check Status` ቢል ሥራው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በምሳሌያችን የፓምፑን ነጋዴ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ካስከፈለው ስሕተት ሊያድነው ይችል የነበረው ይኸው በሐምሌ 1 ቀን ሳይደረግ የቀረው ምርመራ ነበር።